ጥፊ የሌለበት ማስገደድ፦ ሌሊት ላይ የተገኘ የእምነት ቃል

ጥያቄ፦ «የሕግ ተማሪ ነኝ። ለአዳዲስ መርማሪዎች ሥልጠና የሚሆን አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ መርማሪ አንድ ተጠርጣሪን ይጠይቃል። መርማሪዬ አይማታም፣ አይሳደብም። ተጠርጣሪው ግን ያላደረገውን ያምናል። ጓደኞቼ አንብበው ‹ታዲያ ማስገደዱ የቱ ጋ ነው?› አሉኝ። የቱ ጋ እንደሆነ እንዲታይ እንዴት ልጻፈው?» (ግራ የገባት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ጓደኞችሽ የፈለጉት ዱላ ነው። ዱላውን ሲያጡ ማስገደድም የለም አሉ። ዐቃቤ ሕግም ጠበቃም ሆኜ ብዙ የምርመራ መዝገብ አገላብጫለሁ። ችሎት ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ቁስል ያለበት መዝገብ አይደለም፤ ቁስል በሐኪም ወረቀት ይታያል። የሚያስቸግረው ሻይ የተጋበዘበት፣ «ጋሼ» የተባለበት፣ ሰውዬው ግን ያላደረገውን አምኖ የወጣበት መዝገብ ነው። ስለዚህ የጀመርሽውን ሐሳብ አትተዪው። እኔ ብሆን ትዕይንቱን እንዲህ እጽፈው ነበር።

ሄርማታ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን አለ። ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ጀንፈሉም ጎድሏል። ጣቢያ ሄዶ «ጓጉንቸሩ ተሰብሮ 12 ጆንያ ጀንፈል ተሰረቀብኝ» ብሎ ያመለክታል። የሌሊት ጥበቃው ሙሉጌታ ነው፤ ዕድሜው 54። ኦሮምኛ ገበያ ላይ ይግባባበታል፣ የሚያነበውና የሚጽፈው ግን አማርኛ ብቻ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ይያዛል። ኢንስፔክተር ገመቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያስጠራዋል።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይምጣልዎት?»

«ይስጥልኝ። ባለቤቴ መጥታ ነበር አሉኝ። ላግኛት?»

«ያገኟታል። መጀመሪያ ይቺን እንጨርስ። እኔ እርስዎን የማየው እንደ አባቴ ነው። እዚህ ነገር ውስጥ ማን አስገባዎት?»

«ማንም። እኔ አልሰረቅኩም። ዝናብ ነበር፣ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ገባ ብዬ ነበር።»

«ተኝተው ነበር?»

«አሸልቦኝ ይሆናል።»

ገመቹ ይህን ሲሰማ ልቡ ቆረጠ። ጥበቃ ነኝ ያለ ሰው ተኝቻለሁ ካለ የሚሸፍነው ነገር አለ ብሎ አሰበ። ጥያቄው ቀጠለ። 5 ሰዓት ሆነ። 7 ሰዓት ሆነ።

«ይኸውልዎት ጋሼ። 12 ጆንያ አንድ ሰው አይሸከምም። የመጣው ባጃጅ ነው ጋሪ?»

«አላውቅም።»

«‹አላውቅም› ለዳኛ አይሆንም። ዳኛ የሚራራው ላመነ ነው። ዛሬ ካመኑ ነገ በዋስ ወጥተው ቤትዎ ያድራሉ። ካላመኑ ግን ቤቱን መፈተሽ አለብኝ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይጠየቃል። ሐና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት አይደል? ፈተናዋ መቼ ነው?»

ሙሉጌታ አልመለሰም። ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ራሱ ጠየቀ።

«ስንት ጆንያ ነው ያሉት?»

«12።»

«12 ይሁን።»

«ጓጉንቸሩን በምን ሰበሩት? በብረት?»

«በብረት።»

«በጋሪ ነው የጫኑት?»

«አዎ፣ በጋሪ።»

ገመቹ ጻፈ። የጻፈው የጣቢያው የሥራ ቋንቋ በሆነው በኦሮምኛ ነው። ወረቀቱን አዙሮ ሰጠው። ሙሉጌታ ፈረመ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመው። ገመቹን ክፉ ሰው አላደረግኩትም፤ አንቺም እንዳታደርጊው። ከልቡ ሌባውን የያዘ ነው የመሰለው። ሠልጣኞች ክፉ መርማሪ ካዩ «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» ብለው ገጹን ይገለብጣሉ።

ማስገደዱ ያለው «ካመኑ» እና «ካላመኑ» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ፖሊስ የሚጠይቀውን ሰው እንዳያባብል፣ እንዳያስፈራራ፣ ተስፋ እንዳይሰጥ፣ ሌላም አግባብ ያልሆነ መንገድ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ልብ በዪ፣ ድብደባ የሚል ቃል መፈለግ አያስፈልግም። ማባበልና ተስፋ መስጠት ከዛቻ እኩል ነው የተከለከሉት። ሕጉ ሲወጣም መርማሪ በደግ አፍ ሰውን ሊጠመዝዝ እንደሚችል ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ሠልጣኞች ግን ወዲያው ይጠይቁሻል፦ «ታዲያ ቤት እፈትሻለሁ ማለት አይቻልም?» ይቻላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ መፈተሽ ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ይህን ለተጠርጣሪው መንገርም ነውር የለውም። እኔ የምጠቀምበት መለያ እንዲህ ነው። መርማሪው የሚናገረው ነገር ሰውዬው አመነም አላመነም የሚሆን ከሆነ መረጃ ነው። ሰውዬው ካመነ የሚቀር፣ ካላመነ የሚመጣ ከሆነ ግን ዛቻ ነው። ገመቹ ቤቱን የመፈተሽ ምክንያት ካለው ሙሉጌታ ቢያምንም መፈተሽ ነበረበት፤ የተሰረቀው ጀንፈል እኮ አልተገኘም! ፍተሻውን ከእምነት ቃሉ ጋር ሲያስረው የምርመራ ሥራ መሆኑ ቀረ። የዋስትናውም ነገር እንደዚሁ ነው። ጉዳዩ ችሎት ከቀረበ በኋላ ዋስትና የሚፈቅደው ዳኛ ነው። ገመቹ የራሱ ያልሆነውን ነው የሸጠለት።

የሐና ስም የተነሳበት መስመርስ? ገመቹ «ልጅህን አስራለሁ» አላለም። ስለ ፈተናዋ ቀን ብቻ ጠየቀ። ስትጽፊው ይህን መስመር አታብራሪው። መርማሪው ሲናገረው ቀላል ይሁን፣ አባትየው ሲሰማው ይክበድ። ችሎት ላይም ክርክሩ በትክክል እንደዚህ ነው የሚሄደው፤ መርማሪው «እንዲያው ጨዋታ ነው» ይላል።

አሁን ጓደኞችሽን ያደናገረው እውነተኛ የሕግ ችግር ጋ ደረስን። አንቀጽ 31 ይከለክላል እንጂ «በዚህ መንገድ የተገኘ ቃል ከማስረጃነት ይወጣል» አይልም። ያንን የሚለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 19 ንዑስ 5 የተያዘ ሰው የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ ይደነግግና በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይጨምራል። ዐቃቤ ሕጉ በመሃል ባለችው ክፍተት ይገባል፦ «ተስፋ ሰጥቶት ይሆናል፣ ጥፋት ነው። ግን ተስፋ ማስገደድ አይደለም፣ ቃሉ ይቆያል።» ክርክሩ ባዶ አይደለም። እኔ ሁለቱ ድንጋጌዎች አብረው መነበብ አለባቸው ባይ ነኝ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ የከለከላቸው መንገዶች ሕገ መንግሥቱ ማስገደድ የሚለው በተግባር ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። ሁሉም ዳኛ እንዲህ ያነበዋል ብለሽ ግን እንዳትጽፊ።

ስለዚህ ታሪክሽ በአንድ ተስፋ ላይ ብቻ አይቁም። ሙሉጌታን ያንበረከከው የተደራረበ ነገር ነው። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው። ሌሊት መጠየቅን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ቁጥር አንቀጽ 31 ላይ አታገኚም፤ የ54 ዓመት ሰው እንቅልፍ አጥቶ ስድስት ሰዓት ሲጠየቅ ግን ፈቃዱ ምን ያህል የራሱ ነው? ሚስቱ በር ላይ ነበረች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አማካሪና ጠበቃ ሊጎበኙት መብት አለው። ገመቹ ይህንንም የቃሉ ዋጋ አደረገው። «መጀመሪያ ይቺን እንጨርስ» አለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ያልተባለ ነገር አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ገመቹ ማንነቱንና አድራሻውን ካረጋገጠ በኋላ ማለት የነበረበት ይህን ነው፦ «የቀረበብዎት ክስ ይህ ነው። ለመመለስ አይገደዱም። የሚሰጡት ቃል ግን በማስረጃነት ሊቀርብብዎት ይችላል።» ሻዩን ጋበዘ፣ ይቺን ዘለለ። በትዕይንትሽ ውስጥ መዝለሉ በግልጽ እንዲታይ ከፈለግሽ አንድ ዘዴ አለ። የተፈረመው ወረቀት አናት ላይ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይኑር፤ ታትሞ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር። አንባቢ ሲያየው «ይቺን መቼ ነገረው?» ይላል። እኔም ብዙ ጊዜ የማየው ይህንን ነው፤ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ቋንቋውም ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ጅማ ላይ። ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በቅጡ የማያውቅ ሰው ብቁ አስተርጓሚ ይሰጠዋል፤ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል ይላል ያው አንቀጽ 27። ገመቹ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ ያውቃል። ቢሆንም ጠያቂው ራሱ አስተርጓሚ ሲሆን የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ሰው የለም። ሙሉጌታ የፈረመው ማንበብ በማይችለው ወረቀት ላይ ነው። በነገራችን ላይ ይህ የጅማ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ቃል ሲፈርም ያው አንድ ጥፋት ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ረቡዕ ጠዋት ገመቹ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ሙሉጌታን ወደ መጋዘኑ ወስዶ በሩን በጣቱ እንዲያመለክት ያደርግና ፎቶ ያነሳዋል። መዝገብ ላይ «መርቶ አሳይቷል» ተብሎ ይጻፋል። አስቢው፣ ሰውዬው የመጋዘኑ ጥበቃ ነው! በሩን ቢያሳይ ምን ይገርማል? መርቶ ማሳየት ክብደት የሚኖረው ፖሊስ የማያውቀውን ቦታ ሲያሳይ ነው፤ ጀንፈሉ የተደበቀበትን ቤት፣ የተጣለውን ጆንያ። ገመቹ ግን ጀንፈሉ የት እንዳለ ሲጠይቀው ሙሉጌታ «ሸጥኩት» ብቻ አለ። ለማን ሲባል «ለማላውቀው ሰው» አለ። ይህ መልስ አንድ ጥሩ መርማሪን ማስጨነቅ ነበረበት።

ሁለተኛ፣ የእምነት ቃሉን እንዲያስመዘግብ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። በአንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤቱ ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት ሰውዬውን ጠይቆ በፈቃዱ መሆኑን ማረጋገጥና ይህንኑ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ቃሉ በሙሉ ይጻፋል፣ ይነበብለታል፣ ይፈርማል። ሕጉ ምን ምን ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ ግን አልዘረዘረም፤ ለዳኛው ተወው። ለአንድ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሁለት ዓይነት ችሎት መጻፍ ትችያለሽ።

በአንደኛው ገመቹ ከኋላ ቆሟል። ዳኛዋ «በፈቃድዎ ነው?» ትላለች። «አዎ።» አለቀ። ሙሉጌታ የሚመለሰው ወደዚያው ጣቢያ፣ ወደዚያው ሰው እጅ መሆኑን ያውቃላ። በሌላኛው ዳኛዋ ፖሊሶቹን ታስወጣለች። «መቼ ተያዙ? ማታ ተኝተዋል? ከቤተሰብ ያገኙት ሰው አለ? ዝም ማለት እንደሚችሉ ያውቁ ነበር? ካመኑ ምን ይደረግልዎታል ተባሉ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ተመልከቺ። «ተገደዱ ወይ?» ብትለው ሙሉጌታ «አልተገደድኩም፣ ማንም አልነካኝም» ይላል፤ እሱም እንደ ጓደኞችሽ ዱላ ነው የሚያስበው። «ምን ይደረግልዎታል ተባሉ?» ስትለው ግን «ዛሬ ቤቴ አድራለሁ፣ ልጄም አትጠራም» ይላል። ራሱ የማስገደዱን ነገር ሳያውቀው አወጣው።

አንደኛውን ችሎት መርጠሽ ቃሉ ተመዘገበ እንበል። ከዚያ በኋላ እንዴት ይፈርሳል? እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትይኝ ይህን እመርጣለሁ፦ የእምነት ቃሉ የመርማሪውን ስህተት ተሸክሞ ይገኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጋዘኑ ጸሐፊ ወረቀቶቹን ሲያስተካክል የባለቤቱ ወንድም ሰኞ ዕለት 3 ጆንያ ወደ መፈልፈያ ማስወጣቱን ያያል። የጎደለው 12 ሳይሆን 9 ነው። ጓጉንቸሩም በኤግዚቢትነት ሲቀርብ ደህና ነው፤ አልተሰበረም፣ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ባለቤቱ በሩን ክፍት ሲያገኝ ተሰብሯል ብሎ ገምቶ ነው ያመለከተው። እንግዲህ የሙሉጌታን ቃል እንደገና አንብቢው። 12 ጆንያ። ጓጉንቸሩን በብረት ሰበርኩ። ሌባው ራሱ ስንት እንደወሰደና በምን እንደከፈተ ያውቃል። ይህ ሰው የሚያውቀው ግን ማመልከቻው ላይ ያለውን ብቻ ነው። የተሳሳተውን እንኳ አብሮ ያውቃል። ከየት አገኘው? ከገመቹ አፍ።

እዚህ ጋ ነው «ስንት ጆንያ ነው ያሉት?» የምትለው የሌሊት ጥያቄ ዋጋ የምታወጣው። በተጻፈው ቃል ውስጥ የለችም። ገመቹ «12 ጆንያ ሰርቄያለሁ» ብሎ አቃንቶ ጻፈው። ጥያቄና መልሱ በነበረበት ሁኔታ ቢመዘገብ ማንም አንባቢ በአንድ ደቂቃ ያገኛት ነበር። ተከላካይ ጠበቃው ችሎት ላይ ገመቹን «አስገድደኸዋል?» ብሎ አይጠይቀው። ይልቅ እንዲህ ይጠይቀው፦ «12 የሚለውን ቁጥር መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ጓጉንቸሩ ተሰብሯል ብሎ መጀመሪያ የተናገረውስ? ከማረፊያ ክፍል የወጣው በስንት ሰዓት፣ የተመለሰው በስንት ሰዓት ነው?» የመጨረሻው መልስ በጣቢያው መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። ተከሳሽ «ተገድጄ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ አንድ የሚታይ ነገር ይጠበቅበታል። ቁስል ለሌለው ሰው የሚታየው ነገር ሰዓቱና የቃሉ ይዘት ነው።

ለሥልጠናው ደግሞ ያው ሌሊት ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል አሳዪ። ገመቹ ረቡዕ ጠዋት ይጥራው፣ ያስጠንቅቀው፣ አስተርጓሚ ያስቀምጥ። ከዚያ የሚያውቀውን በሆዱ ይያዝ።

«ሰኞ ማታ ሥራ ከገቡበት ጀምሮ ያለውን ይንገሩኝ።»

«1 ሰዓት ላይ ገባሁ። ዝናቡ መጣ። ጥበቃ ቤቷ ገባሁ፣ አሸለበኝ።»

«ከመግባትዎ በፊት በሩን አዩት?»

«አየሁት። ተቆልፎ ነበር።»

«ቁልፉ ማን ማን ጋ ነው ያለው?»

«ባለቤቱ ጋ። ወንድሙ ጋም አለ። ሰኞ ሲጭን አይቼዋለሁ።»

በጥቂት ጥያቄ የወንድምየው ጭነትም ሁለተኛው ቁልፍም ወጣ። ገመቹ 12 የሚለውን ቁጥር አልተናገረም፣ ብረትም አላነሳም። ሙሉጌታ እውነትም ሌባው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ከራሱ ያወጣ ነበር፤ ያኔ ቃሉ የሚመዘንበት ነገር ይኖረዋል። ሠልጣኞች «መብት ማክበር እጃችንን ያስራል» ይላሉ። እነሱን የሚያሳምነው ስብከት አይደለም፤ በሌሊቱ ምርመራ ሌባው እንዳመለጠ ማየት ነው። የገመቹም የራሱ አደጋ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 የተያዘን ሰው ቃል ለማግኘት አግባብ ያልሆነ ዘዴ የተጠቀመን መርማሪ ይቀጣል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ሁለት ነገር ግን እንዳታጋንኚ። ጠንከር ያለ ጥያቄ ሁሉ ማስገደድ አይደለም። ገመቹ «ተኝተው ነበር ብለዋል፣ ጎረቤት ግን መብራት ይዘው ሲዞሩ አየኋቸው ይላል፣ እንዴት ነው?» ቢል፣ ጎረቤቱም በእርግጥ ይህን ብሎ ከሆነ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ያላለውን «ብሏል» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 31 ውሸትን በስሙ አልጠራም፤ «ሌላ አግባብ ያልሆነ መንገድ» በሚለው ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው ያከራክራል። ታሪክሽን በዚህ ላይ አታንጠልጥዪው።

ሌላው መጨረሻው ነው። ዳኛዋ ቃሉን ውድቅ ስታደርግ ሙሉጌታ ወዲያው እየሮጠ እንዲወጣ አታድርጊ። ቃሉ ወጣ ማለት ክሱ ወደቀ ማለት አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር፣ የተገኘ ጀንፈል፣ የጋሪ ባለቤት ካለው ክርክሩ በዚያ ይቀጥላል። የአንቺ ታሪክ ዐቃቤ ሕግ ግን የያዘው የተፈረመውን ወረቀትና በር የሚያመለክት ሰው ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው የዚያው የሌሊት ቃል ተከታይ ነው፣ ለብቻው የሚናገረውም የለም። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ ዳኛዋ የሚከላከልበት ነገር አልቀረበም ብላ በአንቀጽ 141 በነፃ ታሰናብተዋለች፤ መከላከያ ምስክር ማቅረብም አያስፈልገውም። የሁለተኛው ቁልፍ ጉዳይ ደግሞ አዲስ ምርመራ ይፈልጋል፣ እሱን ማን እንደሚይዘው አንቺ ወስኚ። እኔ ብሆን ለገመቹ እሰጠው ነበር።